ኢንሹራንስ ሙሉ የሕክምና ካርድ ሲጠይቅ፦ ምን ይሰጠው፣ ፈቃዱስ እንዴት ይጻፍ?

«ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ እዚሁ ጎንደር የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ተደረገልኝ። በመሥሪያ ቤቴ በኩል የጤና መድን ስላለኝ ወጪውን ጠየቅኩ። አሁን ኢንሹራንሱ ‹ማንኛውም የጤና ተቋም ስለ እኔ ያለውን ሙሉ የሕክምና መረጃ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ› የሚል ወረቀት ፈርሚ አለኝ። ካርዴ ውስጥ ከዚህ ጋር የማይገናኝ የቆየ ሕክምና አለ፤ ማንም እንዲያየው አልፈልግም። ካልፈረምኩ ገንዘቤ ይቀራል? ሆስፒታሉስ የጠየቁትን ሁሉ ይሰጣል?»

እህቴ፣ ፈቃድ ስጪ፤ ያንን ወረቀት ግን እንዳለ አትፈርሚው። ጨርሰሽ እምቢ ካልሽ ኢንሹራንሱ «ማስረጃ አልቀረበልኝም» ብሎ ክፍያውን ሊያቆመው ይችላል፤ ለሕክምናው ወጪ ማስረጃ ማቅረብ የጠያቂው ድርሻ ነውና። እንዳለ ከፈረምሽው ደግሞ ካርድ ክፍሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ኮፒ አድርጎ ቢሰጥ ፈቃድሽን ይዞ ነው የሰጠው። ስለዚህ ጉዳዩ ያለው ፈቃዱ እስከ የት እንደሚደርስ በሚጽፉት ሦስትና አራት መስመሮች ላይ ነው።

ሆስፒታሉ ለኢንሹራንስ መረጃ የሚሰጠው አንቺ በጽሑፍ ስትፈቅጂ ነው። ማኅተም ያረፈበት የኩባንያ ደብዳቤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። የሕክምና ባለሙያ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያለ ፈቃድ ማውጣቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው የግል ዳታዎች ይመድበዋል። በአዋጁ መሠረት ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ፣ ለታወቀ ዓላማ የተወሰነና ሰጪው ምን እንደሚፈቅድ አውቆ የሰጠው መሆን አለበት። «ማንኛውም ተቋም፣ ማንኛውም መረጃ» የሚለው ወረቀት ይህን መለኪያ ማሟላቱ ያጠራጥራል። (የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አሠራሩ ይለያል፤ እዚያ መድኑ ከሆስፒታሉ ጋር በገባው ውል የክፍያ ሰነዶችን ያጣራል። የአንቺ ግን የግል ኩባንያ ውል ነው።)

ኢንሹራንሱ በእውነት ማወቅ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የታከምሽው አንቺ መሆንሽን፣ ሕክምናው በውሉ የሚሸፈን መሆኑን፣ የተከፈለው ገንዘብም ለዚያ ሕክምና መሆኑን። ለዚህ የመውጫ ማጠቃለያው፣ የኦፕሬሽን ማስታወሻው፣ ጠጠሩን ያሳየው የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣዎቹ፣ ዝርዝር ሂሳቡና ደረሰኞቹ ይበቃሉ። የወጣው ሐሞት ከረጢት ወደ ፓቶሎጂ ተልኮ ከነበረ ውጤቱን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ተገቢ ነው። የወሊድ ክትትል፣ የአእምሮ ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና የምክር አገልግሎት ወረቀት፣ የሌላ ዓመት የተመላላሽ ማስታወሻ ግን ከእነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልሱም።

ታዲያ ሙሉ ካርድ ለምን ይጠይቃሉ? ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በሽታው ከውሉ በፊት የነበረ መሆን አለመሆኑን ነው። በሐሞት ጠጠር ላይ ይህን ጥያቄ የምትቀሰቅሰው አንዲት ቃል ናት፤ በፓቶሎጂው ወይም በአልትራሳውንዱ ላይ «ክሮኒክ» ተብሎ ይጻፋል፤ የቆየ የሐሞት ከረጢት ብግነት ማለት ነው። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ይህን ሲያነብ «ድሮ የታወቀ በሽታ ነው» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። የሐሞት ጠጠር ሕመም ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ቃሉ የሚናገረው ከረጢቱ ላይ ስለታየው ለውጥ እንጂ ሐኪም መቼ እንዳወቀው ወይም አንቺ መቼ እንደተነገረሽ አይደለም። ለዚህ ጥያቄ ሙሉ ካርድ አያስፈልግም፤ ኦፕሬሽኑን ያደረገው ሐኪም ወይም ክፍሉ የሚጽፈው አጭር የሕክምና ማስረጃ ይመልሰዋል። ማስረጃው በሽታው በዚህ ሆስፒታል መጀመሪያ የታወቀበትን ቀን፣ በምን ምርመራ እንደታወቀና ከዚያ በፊት ለዚሁ ሕመም የተመዘገበ ጉብኝት መኖር አለመኖሩን ይግለጽ።

እዚህ ላይ አንድ ገጽ ራስሽ አንብቢ፦ ስትተኚ የተጻፈውን የመግቢያ ታሪክ። ተረኛው ሐኪም «ሕመሙ መቼ ጀመረሽ?» ሲል «ቆይቷል፣ ሁለት ዓመት ይሆናል» ብለሽ ከሆነ እንደዚያው ተጽፏል፤ ኢንሹራንሱም የሚይዘው እሱን ነው። ያልሽው ስለ ጨጓራሽ ሆኖ ለሐሞቱ ተጽፎ ከሆነ፣ የጻፈውን ሐኪም ወይም ክፍሉን በማመልከቻ ጠይቂ። የተጻፈው አይሰረዝም፤ ከሥሩ ቀን ያለውና የተፈረመ ማስተካከያ ይጨመርበታል። መሰረዝ ወይም ገጽ ማውጣት ሰነዱን ያበላሸዋል፤ የአንቺንም ጉዳይ ያጠፋዋል።

በእውነት ከውሉ በፊት ታውቆ ከነበረ አትደብቂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 667 የመድን ውል የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲያሳውቅ ያዛል፤ በ668 መሠረት ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ያፈርሳል። ግን በመሥሪያ ቤት በኩል በሚገባ የቡድን ውል ብዙ ሠራተኛ ስለ ጤናው የተጠየቀበት ቅጽ ሞልቶ አያውቅም። ምን እንደፈረምሽ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቂ፤ የውሉንም ቅጂ ወስደሽ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል አንብቢ። ቀድሞ የነበረ በሽታ እዚያ ውስጥ ካልተጠቀሰ የጥያቄያቸው መሠረት ይሳሳል።

ፈቃዱን በራስሽ ወረቀት ጻፊው። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«እኔ ______፣ የካርድ ቁጥሬ ______፣ ሆስፒታሉ ከጥር 12 እስከ ጥር 15 ቀን ለሐሞት ጠጠር ተኝቼ የታከምኩበትን የመውጫ ማጠቃለያ፣ የኦፕሬሽን ማስታወሻ፣ የአልትራሳውንድና የፓቶሎጂ ውጤት እንዲሁም ዝርዝር ሂሳብ ለ______ ኢንሹራንስ የካሳ ክፍል እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ። መረጃው የሚያገለግለው በቁጥር ______ ለቀረበው የካሳ ጥያቄ ብቻ ሲሆን አሠሪዬን ጨምሮ ለሌላ ወገን አይተላለፍም። ከዚህ ውጭ ላለ መረጃ አዲስ የጽሑፍ ፈቃዴ ያስፈልጋል። ይህ ፈቃድ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለ60 ቀናት ይጸናል።»

ቀኖቹን በራስሽ ቀን ተኪያቸው። ቀን የሌለው ፈቃድ የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ ወደ አሮጌው ገጽ ይመራዋል። የሚያበቃበት ጊዜ ያልተጻፈበት ደግሞ ከዓመት በኋላ ለሌላ ጥያቄ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱን ሆስፒታሉ በፋይልሽ ውስጥ ያስቀምጥ፣ በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርመሽ ያዢ። ኩባንያው «የእኛ ቅጽ ብቻ» ካለሽ በቅጹ ላይ «ማንኛውም» የሚለውን ሰርዘሽ ቀኑንና የሰነዶቹን ስም በእጅሽ ጻፊበት፤ በስርዙ አጠገብ ፈርሚ። ፈቃዱን መፈረም ያለብሽ አንቺ ነሽ። ባል ለሚስት፣ ወንድም ለእህት ያለ ውክልና ቢፈርም ሆስፒታሉ ሊቀበለው አይገባም።

ሆስፒታል ስትሄጂ መታወቂያሽንና የካርድ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ጥያቄውን በማመልከቻ አድርጊው። ብዙ ነገር የሚበላሸው ኮፒ ማሽኑ ጋ ነው። ፎልደርሽ አንድ ነው፤ የተኛሽበትም የተመላላሹም አብሮ ታስሯል። የተጣደፈ ሠራተኛ ለይቶ ከመገልበጥ ሁሉንም ማንሳት ይቀለዋል። ስለዚህ ኮፒው ሲያልቅ ከመታተሙ በፊት ገጽ በገጽ እዪው።

በተለይ የመውጫ ማጠቃለያውን የምርመራ መስመር አንብቢ። ሐኪሞች እዚያ ላይ የታከምሽበትን ብቻ ሳይሆን ያለብሽን ሁሉ ይዘረዝራሉ፤ ኤችአይቪን እንኳ «አርቪአይ» በምትል ምሕጻር ያስገቡታል። የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ዝርዝርም እንዲሁ ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር ካለበት ማጠቃለያውን አታስለውጪ፤ በምትኩ ሐኪሙ ስለ ሐሞት ጠጠሩ ሕክምና ብቻ የሚገልጽ ማስረጃ እንዲጽፍልሽ ጠይቂና እሱን አስገቢ። እውነትን መለወጥና መረጃን ለተጠየቀው ጉዳይ መወሰን የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው መብትሽ ነው። «ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንላክላቸው» ካሉሽ እምቢ በይ። በሠራተኛው የግል ስልክ ላይ የቀረ ፎቶ ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

ሌላው ቀዳዳ መሥሪያ ቤትሽ ነው። የቡድን መድን የካሳ ቅጽ ብዙ ጊዜ በሰው ሀብት በኩል ስለሚያልፍ የሕክምናሽ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። አሠሪሽ ማወቅ የሚገባው አባል መሆንሽንና የሕመም ፈቃድሽን ቀናት ነው። ቅጹ ላይ የእነሱን ማኅተም ካስመታሽ በኋላ የሕክምና ሰነዱን በታሸገ ፖስታ፣ «ለካሳ ክፍል» ብለሽ ጽፈሽበት፣ ቅርንጫፉ ድረስ ራስሽ ውሰጂው። ውሳኔው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሰጥ ከሆነ ወረቀቱ ስለሚጓዝ፣ ስንት ገጽ እንደሰጠሽ በመረከቢያው ላይ አስጽፊ።

ያንን ወረቀት ቀድመሽ ፈርመሽው ከሆነም ማንሳት ትችያለሽ። ፈቃድሽን እንዳነሳሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሆስፒታሉም ለኢንሹራንሱም አስገቢ፤ የጠበበውን አዲስ ፈቃድ አብረሽ አያይዢ፤ አለበለዚያ ክፍያውን ለማቆም ምክንያት ይሆናቸዋል። ማንሳቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ላለው ይሠራል እንጂ አስቀድሞ የወጣውን አይመልስም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ነገ ጠዋት ካርድ ክፍል ሄደሽ ለኢንሹራንሱ የወጣ ነገር እንዳለ ጠይቂ። ካልወጣ አዲሱን ፈቃድ እዚያው አስገቢ፤ ከወጣ የትኞቹ ገጾች፣ በማን ጥያቄና በምን ቀን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።