የነጥበ ፍሌት ጥያቄን ከማስታወስ ማሻገር

«ስለ ነጥበ ፍሌት ያወጣኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ‹ምንድን ነው?› የሚሉ ሆኑብኝ፤ ይዘቱን ሳልቀይር እንዴት ከፍ ላድርጋቸው?»

መምህር፣ ግሡን «ተንትን» ብሎ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየው ሁኔታ ያስፈልጋል። ለአተገባበር «ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ መተማ ደግሞ ቆላ ነው፤ ክፍት ድስት ላይ የሚቀቀል ባቄላ የት ይዘገያል? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ጎንደር ላይ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውሃው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላውም ይዘገያል። ለትንተና ግን «የዘገየው እሳቱ ስለደከመ ነው» የሚል ክርክር ከሙቀት ሠንጠረዥ ጋር ያቅርቡና፣ ክርክሩን የሚያፈርሰው የትኛው መረጃ እንደሆነ ተማሪዎቹ ይለዩ፤ ውሃው እየተንተከተከ ሙቀቱ ከ93 ካላለፈ፣ እሳት መጨመር ትነቱን እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ይህንኑ ምሳሌ ክፍል ውስጥ ሠርተውት ከሆነ ግን ፈተናው ላይ ተመልሶ የማስታወስ ጥያቄ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በክፍቱ ድስት ፋንታ የግፊት ድስት ያምጡ።