የትርፍ ድርሻ ከጉባኤው ውሳኔ እስከ ባለአክሲዮኑ እጅ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ጥያቄዎቹ ብዙ ስለሆኑ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ አክሲዮን ማኅበር ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ሒሳቡን ዘጋ እንበል። የትርፍ ግብር ከከፈለ በኋላ 12,000,000 ብር የተጣራ ትርፍ አለው። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር 20 ቀን 2017 ተሰብስቦ 8,000,000 ብር ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል ወሰነ። የአንድ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ነው። ግብሩን በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በ10 በመቶ አሰላለሁ። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለሚከፈል ገንዘብ ግን መጣኔውን ከመጻፋችሁ በፊት ማሻሻያ አዋጁን፣ ቁጥር 1395/2017ን፣ ተመልከቱ።

ጠያቂ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ቦርዱ በነሐሴ ወር 8 ሚሊዮን እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኦዲተሩ ግን በሰኔ 30 ሒሳብ ላይ እንደ ዕዳ የያዝኩትን ሰርዝ አለኝ። ለምን?

መልስ፦ ኦዲተሩ ልክ ነው። የቦርዱ ሐሳብ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ጉባኤው ሊቀንሰው ወይም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ዕዳው የሚወለደው ጉባኤው ባጸደቀበት ቀን ነው፤ ይኸውም ኅዳር 20፣ በአዲሱ በጀት ዓመት ውስጥ። በሰኔ 30 ሒሳብ ላይ የሚገባው በማብራሪያ ገጹ አንድ አንቀጽ ነው፦ «ቦርዱ ይህን ያህል እንዲከፋፈል ሐሳብ አቅርቧል» የሚል። ከዕዳ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ኅዳር 20 ላይ ያልተከፋፈለ ትርፍን በ8,000,000 ብር ዴቢት፣ ተከፋይ የትርፍ ድርሻን በዚያው መጠን ክሬዲት ታደርጋለህ። የትርፍ ድርሻ ወጪ አይደለም። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ካስገባኸው ትርፉ ያለ አግባብ ያንሳል፣ ግብር ሰብሳቢውም አይቀበልህም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ12 ሚሊዮኑ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው 5 በመቶው ሕጋዊ መጠባበቂያ ነው፣ 600,000 ብር። ጉባኤው ሊያከፋፍል የሚችለው ከቀሪው 11,400,000 ብር ነው። ይህን ለጉባኤው በሚቀርበው ወረቀት ላይ ግልጽ አድርገህ ጻፈው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ መጠባበቂያው ካልተጠቀሰ ኋላ ብዙ ደብዳቤ ያስጽፋል። ባንክ ከሆነ ደግሞ መጠባበቂያው የተለየ ነው፤ ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ከትርፉ 25 በመቶ ይያዛል።

ጠያቂ፣ ገንዘብ ያዥ፦ ክፍያው በታኅሣሥ ይጀመራል። ግብሩን መቼ ነው የምቀንሰው?

ሌላ አባል፦ እኔ ልመልስ። ጉባኤው የወሰነ ዕለት ዕዳው ተፈጥሯል፣ ስለዚህ ግብሩም ያን ዕለት ተቀንሶ መግባት አለበት። ሌላ ቀን መጠበቅ ቅጣት መጥራት ነው።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ጉባኤው ሲወስን ማኅበሩ የባለአክሲዮኖቹ ባለዕዳ ሆኗል፤ ቦርዱ ኋላ ገንዘብ አጠረን ብሎ ሊሰርዘው አይችልም። ግብሩ ግን የሚቀነሰው ገንዘቡ ሲከፈል ወይም በተቀባዩ ሒሳብ ሲያዝለት ነው፤ ከሁለቱ በቀደመው። ታኅሣሥ 10 ቀን ከከፈልሽ የዚያን ዕለት ትቀንሻለሽ። የታኅሣሥን ተቀናሽ ለማስገባት ወሩ ካለቀ በኋላ 30 ቀን አለሽ፤ ማለትም እስከ ጥር 30 ቀን 2017። ግማሹን በታኅሣሥ፣ ግማሹን በሚያዝያ የምትከፍሉ ከሆነ ተቀናሹም በሁለት ወር ማሳወቂያ ይከፈላል።

«በተቀባዩ ሒሳብ ሲያዝለት» የሚለው ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ለእያንዳንዱ ባለአክሲዮን በስሙ ሒሳብ ከፍተሽ ድርሻውን ክሬዲት ካደረግሽለት ገንዘቡን ሳይወስድም ግብሩ ደርሷል። በአንድ ጥቅል የተከፋይ ሒሳብ ከያዝሽው ደግሞ ሰው ይለያያል። ከፊሉ አልደረሰም ይላል፤ ሁሉም የግብር ቅርንጫፍ ግን እንዲህ አያነበውም። እኔ ጥቅሉን ከመክፈያው ዕለት አስቀድሜ አልበትነውም። በጥቅል ለብዙ ወራት የሚቆይ ከሆነ ግን ለግብር ቅርንጫፉ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን ከፋይሉ ጋር አስቀምጣለሁ።

በክፍያው ዕለት ተከፋይ የትርፍ ድርሻ በ8,000,000 ብር ዴቢት ይሆናል፤ ባንክ በ7,200,000፣ ተከፋይ ተቀናሽ ግብር በ800,000 ክሬዲት። ግብሩን ስታስገቢ ይህ የመጨረሻው 800,000 ይዘጋል። ወሩ ካለቀ በኋላ በዚህ ሒሳብ ላይ ካሳወቅሽው የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ቀሪ ካየሽ ከአንዱ ሰው ላይ ሳትቀንሺ ከፍለሻል ወይም የቀነስሽውን ሳታሳውቂ ቀርተሻል ማለት ነው።

ጠያቂ፣ የማኅበር ጸሐፊ፦ ጉባኤያችን «8 ሚሊዮን ብር ንጹሕ በእጃቸው ይድረስ» ብሎ ወስኗል። 10 በመቶ ጨምሬ 8,800,000 ብጽፍ በቂ አይደለም?

መልስ፦ አይበቃም። ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላው ላይ ነው። ከ8,800,000 ላይ 10 በመቶ 880,000 ነው፣ የሚተርፈው 7,920,000። 80,000 ብር ጎደለ። ንጹሑን በ0.9 ማካፈል ነው ያለብዎት፦ 8,000,000 ለ0.9 ሲካፈል 8,888,888.89 ብር ይሆናል፣ ግብሩ 888,888.89 ነው።

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውሳኔው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ መታወጅ ያለበት ከግብር በፊት ያለው መጠን ነው። «ንጹሕ» የሚል ቃል ገብቶ ጠቅላላው ካልተጻፈ ማኅበሩ ለባለአክሲዮኖቹ ግብራቸውን የከፈለላቸው ይመስላል፤ ያን ጊዜ ምን ያህል ትርፍ ተከፋፈለ የሚለው ራሱ ያከራክራል። ሳይቀንሱ ከከፈሉ ደግሞ ግብሩን የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው።

ጠያቂ፣ የአክሲዮን ክፍል ሠራተኛ፦ ጥር 1 ቀን የከፈሉ አዳዲስ ባለአክሲዮኖች አሉን። ለሁሉም በአክሲዮን 200 ብር ስናባዛ ድምሩ ከ8 ሚሊዮን በለጠብን።

መልስ፦ የበለጠው አዲሶቹን እንደ ሙሉ ዓመት ስለቆጠራችኋቸው ነው። ነባር አክሲዮኖች 38,200፣ በጥር 1 ቀን 2016 የተከፈለባቸው ደግሞ 3,660 ናቸው እንበል። በጠቅላላው 41,860 ናቸው። በ200 ሲባዙ 8,372,000 ብር ይመጣል፤ ከውሳኔው 372,000 ይበልጣል።

ብዙ ማኅበራት የሚጠቀሙበት መንገድ ገንዘቡ ማኅበሩ እጅ የቆየበትን ቀን መቁጠር ነው፤ ይህ ግን በውሳኔው ወይም በመመሥረቻ ጽሑፉ መኖር አለበት። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው 180 ቀን ነው። 3,660 ሲባዛ በ180፣ ሲካፈል በ366፣ 1,800 ይሆናል። 38,200 እና 1,800 ሲደመሩ 40,000፤ 8,000,000 ሲካፈልበት 200 ብር። አሁን ገጠመ።

ለምን 366 አልኩ? ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያለው ዓመት የ2015ን ጳጉሜን ይይዛል፣ እርሷም 6 ቀን ነበረች። ብዙ የኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ 365 ተጽፎ የተረሳ ነው። በ365 ካካፈላችሁ ለአዲሶቹ 986 ብር ገደማ ትርፍ ይወጣል። ትንሽ ነው፣ ግን ዝርዝሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር አይገጥምም፤ ኦዲተርም የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

በጥር የገባ 366 አክሲዮን ያለው ሰው 36,000 ብር ይደርሰዋል። 3,600 ተቀንሶ 32,400 ይወስዳል። ዝርዝሩ ላይ ሦስቱንም ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ሰው አስቀምጡ፣ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ጋር። ቁጥሩን በክፍያው ዕለት መፈለግ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል።

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ፦ እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ቢጫ ካርድ አለኝ። እዚህ ግብር እከፍላለሁ፣ ታዲያ አዲስ አበባ 10 በመቶ ለምን ተቆረጠብኝ? ይመለስልኛል?

መልስ፦ አይመለስልዎትም። የትርፍ ድርሻው ምንጭ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ማኅበር ስለሆነ ነዋሪ ያልሆነም ይቆረጥበታል። ኢትዮጵያና አሜሪካ በገቢ ግብር ላይ ድርብ ግብር የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም። ስምምነት ባለበት አገር፣ ለምሳሌ በእስራኤል፣ የሚኖር ሰው ከመከፈሉ በፊት የነዋሪነት ማስረጃውን ለማኅበሩ ካቀረበ በስምምነቱ መጣኔ የመስተናገድ ዕድል አለው።

እርስዎ የሚጠቀሙበት መንገድ አሜሪካ ውስጥ ነው። በአሜሪካ የገቢ ግብር ማሳወቂያ፣ በፎርም 1040፣ ላይ የሚያስገቡት ጠቅላላውን ነው፣ በእጅዎ የደረሰውን አይደለም። የተቆረጠውን ግብር በፎርም 1116 እንደ ውጭ አገር ግብር ክሬዲት ይጠይቃሉ። ስምምነት ስለሌለና አክሲዮኑ አሜሪካ ገበያ ላይ ስለማይሸጥ ዝቅተኛው የዲቪደንድ መጣኔ አይሠራለትም፤ እንደ መደበኛ ገቢ ነው የሚታየው። ስለዚህ ማኅበሩን ዛሬውኑ የተቀናሽ ግብር ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ ጠቅላላው፣ ግብሩና የተከፈለበት ቀን ያለበት።

ጠያቂ፦ አባቴ አርፈዋል፣ የሦስት ዓመት ድርሻቸው አልተወሰደም። በስሜ ይከፈለኝ ስላቸው እምቢ አሉ።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። እምቢ ያሉት እርስዎን ተጠራጥረው አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የአባትዎ ነው፣ ማኅበሩ ደግሞ ሊከፍል የሚችለው ለመዝገቡ ወይም ፍርድ ቤት ወራሽ ላለው ነው። የወራሽነት ማስረጃውን አውጥተው አክሲዮኑን ወደ ወራሾች ያዛውሩ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይከፈላል። ቢሮው ሲሄዱ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ግብሩ በየዓመቱ ተቀንሶ ገብቷል ወይስ ገና ነው? ተቀንሶ ከነበረ ዳግመኛ አይቀነስም።

ጠያቂ፣ የቦርድ አባል፦ የቀረውን 3,400,000 ብር ዝም ብለን ብናስቀምጠው ግብር የለበትም አይደል? ካፒታል ብናሳድግበትስ?

መልስ፦ ዝም ብሎ ማስቀመጥ አያድንም። የአዋጅ 979/2008 አንቀጽ 61 ያልተከፋፈለና ተመልሶ ሥራ ላይ ያልዋለ ትርፍ ላይም 10 በመቶ ይጥላል። በእኛ ምሳሌ 340,000 ብር ነው። ከዚህ የሚያወጣው ጉባኤው ትርፉ ካፒታል እንዲሆን ወስኖ ጭማሪው በንግድ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ቃለ ጉባኤው ብቻ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ አይረዳም።

ሌላ አባል፦ እኛ ጋ ግን ጉባኤው አከፋፍሉ አለ፣ ከዚያ ባለአክሲዮኖቹ በድርሻቸው አክሲዮን ገዙበት። ምንም አልተቆረጠም።

መልስ፦ የእናንተ ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ ታውጇል፣ ገንዘቡ የባለአክሲዮኑ ሆኗል፣ ከዚያ እርሱ መልሶ አስገብቷል። እኔ እንደ ክፍያ ቆጥሬ 10 በመቶውን አስቀድሜ እቀንሳለሁ፣ አክሲዮን የሚገዛውም በቀሪው ነው። ሳይቀነስ ያለፈላቸው ማኅበራት እንዳሉ አውቃለሁ፤ በኦዲት ሲታይ ግን ክርክሩ በማን እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ካፒታል ለማሳደግ ካሰባችሁ ያ ቃል በዚያው ጉባኤ፣ ከማከፋፈሉ ውሳኔ በፊት ይገባ ነበር።