የፕሮፎርማው ቁጥር አንድ፣ ዋጋው ሁለት

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ለአንድ ካፌ የዋንዛ ጠረጴዛ፣ የብረት ወንበርና ባንኮኒ ለመሥራት ፕሮፎርማ ቁጥር 031 በቴሌግራም ላክሁ። ባለቤቱ ‹እሺ፣ ጀምሩ› ብሎ 40 በመቶውን፣ 133,400 ብር፣ ባንክ አስገባ። በሥራው መሀል ባንኮኒውን ከ3 ወደ 4 ሜትር አስረዘመ፤ 4 ወንበርም ጨመረ። ዋንዛም ተወደደ። ሠርቼ አስረከብሁ። በእጄ ያለው ፕሮፎርማ 031 ከነቫቱ 387,780 ብር ይላል፤ እሱ ግን ‹የተስማማነው 333,500 ነው› ብሎ ልዩነቱን አልከፍልም አለ። የዋጋ ዝርዝሩን አያይዣለሁ። ሕጉ ከማን ጋር ነው? ለወደፊቱስ ፕሮፎርማን ወደ ትዕዛዝ እንዴት ልለውጥ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ያልጻፉልኝን ልናገር። 133,400 ብር የ333,500 ብር 40 በመቶ ነው፤ የ387,780 አይደለም። ስለዚህ ደንበኛዎ «እሺ» ያለበት ወረቀት እርስዎ አሁን የያዙት ወረቀት አይደለም። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ያንኑ ፋይል ከፍተው፣ አሮጌውን አኃዝ አጥፍተው፣ አዲሱን ጽፈውበታል ብዬ እገምታለሁ። ቁጥሩ 031፣ ቀኑም የድሮው እንደሆነ ቀርቷል። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። ካልተሳሳትሁ ግን ይህን ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፤ ከተከራካሪዎ አፍ መስማት የለበትም።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። የላኩት ፕሮፎርማ የውል ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ «እሺ፣ ጀምሩ» ደግሞ መቀበል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውልን በቃልም በጽሑፍም በአድራጎትም ስለሚቀበል፣ በዚያች ቃል በ333,500 ብር ውል ተመሥርቷል። ከዚያ በኋላ የመጣ አዲስ ዋጋ ሁሉ አዲስ ሐሳብ ነው፤ ሌላውን ወገን የሚያስረው ሲቀበለው ብቻ ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1682 መሠረት ዝምታ መቀበል አይደለም። የተሻሻለ ፋይል ልከው መልስ ካልመጣ፣ ቴሌግራሙ ላይ ሁለቱ ምልክቶች መታየታቸው ማንበቡን እንጂ መስማማቱን አያሳይም። ቁጥር 1685ም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ስምምነት የሌለበት አኃዝ ደረሰኝ ወይም ሒሳብ መጠየቂያ ላይ ስለሰፈረ ብቻ ተቀባዩን አያስገድድም።

አሁን ልዩነቱን እንበትነው። 333,500 ያለ ቫት 290,000 ነው፤ 387,780 ደግሞ 337,200። በመካከሉ ያለው 47,200 ብር ከሦስት ቦታ የመጣ ነው። የባንኮኒው መርዘም 20,000፣ አራቱ ወንበሮች እያንዳንዳቸው በ3,800 ሒሳብ 15,200፣ የዋንዛው መወደድ ደግሞ በጠረጴዛ 1,200፣ በ10 ጠረጴዛ 12,000። ሦስቱን አንድ ላይ ጨፍልቀው «ልዩነቱ» ብለው መጠየቅዎ ጎድቶዎታል፤ በሕግ ፊት ሦስቱ እኩል አይደሉም።

ባንኮኒው ደንበኛው ራሱ ያዘዘው ለውጥ ነው። ያዘዘበት መልእክት ወይም 4 ሜትር መረከቡን የሚያሳይ የተፈረመ የማስረከቢያ ሰነድ ካለዎት ጥያቄዎ ጠንካራ ነው። ግን ማስረከቢያ ማስፈረምዎን አልጻፉልኝም፤ ይህንንም ልብ ብያለሁ። በወንበሮቹ ላይ ቁጥሩን እንጂ ዋጋውን ካልተነጋገራችሁ፣ «በመጀመሪያው 3,500 ነው ያዘዝሁት» የሚል ክርክር ይነሣብዎታል፤ በአራቱ ወንበሮች ላይ ያለውን የ1,200 ብር ልዩነት ላያገኙት ይችላሉ። የዋንዛው 12,000 ግን፣ የዋጋ ማስተካከያ ስምምነት ከሌለ፣ ሸክሙ የእርስዎ ነው። ቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል፤ ቁጥር 1763 ደግሞ ዳኛው ለርትዕ ብሎ ዋጋ እንዳያሻሽል ይገድበዋል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ መወሰኑና የብረትም የቀለምም ዋጋ መናሩ ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ ግን ለዳኛው ይህ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ፤ የወርክሾፕ ባለቤቶች ደጋግመው የሚወድቁበት ነውና። ሰው ፕሮፎርማን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ያየዋል፤ ጠርጎ ይጽፍበታል። ችግሩ አሮጌው አኃዝ ሲጠረግ የራስዎ ማስረጃም አብሮ መጠረጉ ነው። «ከ60,000 ወደ 80,000 የወጣው እርስዎ 1 ሜትር ስላስጨመሩ ነው» ለማለት 60,000 የሚለው መስመር በሰነዱ ላይ መታየት አለበት። ከዚህ የከፋም አለ። ደንበኛዎ ስልኩን አውጥቶ በአንድ ቁጥርና በአንድ ቀን ሁለት ዋጋ ያላቸው ወረቀቶች ካሳየ፣ ክርክሩ ከዋጋ ወጥቶ «ሰነዱ ተቀይሯል» ወደሚል ይሄዳል። ያን ጊዜ እውነተኛውም ለውጥ ሳይቀር ይጠረጠራል። ስለዚህ አሁን ምንም ነገር «እንዳያስተካክሉ»፤ መልእክትም እንዳይሰርዙ።

ለወደፊቱ አሠራሩ ይህን ይምሰል። ደንበኛው የተቀበለው ፕሮፎርማ ይዘጋል፤ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አይነካውም። ከእሱ የሥራ ማዘዣ ይወጣል፣ የራሱ ቁጥር ያለው። ማዘዣው «በፕሮፎርማ 031 መሠረት» ብሎ ይጀምርና የፕሮፎርማውን መስመሮች በነበሩበት ተራ ቁጥር ይገለብጣል፤ ባንኮኒው ፕሮፎርማው ላይ ተራ 3 ከነበረ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ ድረስ ተራ 3 ነው። ዋጋው ከቫት በፊት፣ 15 በመቶው ቫት፣ ከነቫቱ ድምሩ ለየብቻ ይጻፋሉ። መጠኑን የያዘው ንድፍ ተያይዞ ይፈረማል። ደንበኛው «እሺ፣ ግን ባንኮኒው 4 ሜትር ይሁን» ካለ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ በቁጥር 1694 ይህ መቀበል ሳይሆን አዲስ ሐሳብ ነው። እንጨት ከመቁረጥዎ በፊት አዲሱን ዋጋ ጽፈው «እሺ» ያሰኙት።

ማዘዣው ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ በተራ ቁጥር የለውጥ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራል፤ ማዘዣው ራሱ አይነካም። በእርስዎ ጉዳይ የመጀመሪያው እንዲህ ይሆን ነበር፦ «የለውጥ ማስታወሻ 1፤ ተራ 3፣ ባንኮኒ ከ3 ወደ 4 ሜትር፤ ያዘዘው ደንበኛው፤ የነበረው 60,000፣ አሁን 80,000፣ ጭማሪ 20,000፤ የትዕዛዙ ድምር ከ290,000 ወደ 310,000፤ ማስረከቢያው በዚህን ያህል ቀን ይራዘማል።» ቀን፣ ፊርማ። ሁለተኛው የወንበሮቹ ነው። ነባሮቹ 40 ወንበሮች በ3,500 ይቀመጡና አዲሶቹ 4 በራሳቸው መስመር በ3,800 ይገባሉ፤ ድምሩ 325,200። ሦስተኛው የዋንዛው ሲሆን «ምክንያት» በሚለው ቦታ የደንበኛ ትእዛዝ ሳይሆን የዕቃ ዋጋ ተብሎ ይጻፋል፤ ድምሩ 337,200። የሚቀነስ ነገር ካለም መስመሩን አያጥፉ፤ የመቀነሻ መስመር ይጨምሩ። እንዲህ ሲሆን ከ290,000 ተነሥቶ 337,200 ላይ የደረሰውን መንገድ የማያውቀው ሰው እንኳ ደረጃ በደረጃ ይከተለዋል። የፋይል ስሙም ይህን ይከተል፦

```
PF-031.pdf
ORD-014.pdf
ORD-014-CH1.pdf
ORD-014-CH2.pdf
ORD-014-CH3.pdf
```

የዋንዛውን ዓይነት ጭማሪ ማግኘት የሚቻለው ማዘዣው ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ ነው። «ዋጋ ሊለወጥ ይችላል» የሚል ጥቅል ዐረፍተ ነገር አይበቃም፤ ከምን ተነሥቶ በምን ያህል እንደሆነ ይጻፍ። ለምሳሌ ከአንዱ ጠረጴዛ 9,000 ብር ውስጥ የጣውላው ድርሻ 4,000 ነው ይበሉ፤ የዕለቱን የጣውላ ዋጋ የሚያሳይ የአቅራቢ ደረሰኝ ያያይዙ። ጣውላው 30 በመቶ ቢወደድ ጭማሪው 1,200 ነው። «ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ደንበኛው ይከፍላል» ብለው ከጻፉ ግን ጠብ ይነሣል፤ ሙሉውን 1,200 ነው ወይስ ከ10 በመቶ በላይ ያለውን 800 ብቻ? የትኛው እንደሆነ በአኃዝ ምሳሌ ጭምር ያስቀምጡ። ይህን አንቀጽ ከሌላ ሰው ውል ላይ አይገልብጡ፤ ጠበቃ ይየው።

ማዘዣው ላይ «ለውጥ የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው» የሚል ካስገቡ ራስዎም ይታሰሩበታል። በስልክ በተነገረ ቃል ባንኮኒ ካስረዘሙ የገዛ አንቀጽዎ ይነበብብዎታል። የጽሑፍ ውል በሁለቱ ወገኖችና በሁለት ምስክሮች መፈረም እንዳለበት ቁጥር 1727 ስለሚያዝ፣ ማዘዣውም ማስታወሻዎቹም ላይ የምስክር ቦታ ይተዉ። የተፈረመበትን በምስክር ቃል ማስተባበል እንደማይቻልም አይርሱ፤ ሳያነቡ የሚፈርሙት እርስዎ ከሆኑ ይኸው ደንብ በእርስዎ ላይ ይዞራል።

በነገራችን ላይ፣ 40 በመቶውን «ቀብድ» ብለው አይጻፉት፤ «ቅድሚያ ክፍያ» ይበሉት። ቀብድ ውሉ መኖሩን ያስረዳል፣ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቁጥር 1885 ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ተቀባዩ ደግሞ እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላሉ። ጣውላ ተሰንጥቆ ካለቀ በኋላ ይህ ለማንም አይበጅም።

ስለያዙት ጉዳይ ደግሞ፣ ደንበኛውን ከመክሰስዎ በፊት ይህን ያሰባስቡ። የመጀመሪያው ባለ 333,500 ፋይል የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ቢጠፋም ቴሌግራሙ ውስጥ እንደተላከ ይገኛል፤ ያውርዱትና ቀኑ እንዲታይ ንግግሩን በሙሉ ከኮምፒውተሩ ቴሌግራም ላይ ያውጡ። ዛሬውኑ ያድርጉት፤ የግል ንግግር ላይ ያለን መልእክት ደንበኛው ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ ስልኩን ራሱን አይቀይሩ፣ አይሽጡም። የባንክ ደረሰኙ፣ የቫት ደረሰኞቹ፣ የማስረከቢያ ሰነዱና የዋንዛው መግዣ ደረሰኝ አብረው ይሁኑ። ማስረከቢያ ካላስፈረሙ ባንኮኒውን የተከሉትን ሠራተኞች ስምና ቀኑን አሁን ይመዝግቡ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና የአማርኛ ሰነዶቹ መተርጎም ይኖርባቸዋል፤ ጊዜውንም ወጪውንም ያስቡበት።

እነዚህን ይዘው ጅማ ያለ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ሲዘጋጅ 54,280 ብሩ በአንድ መስመር አይጠየቅ። ከነቫቱ 40,480 የሚሆነው የባንኮኒውና የወንበሮቹ ጥያቄ ለብቻው፣ 13,800 የሆነው የዋንዛው ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ። ሁለተኛውን ለድርድር ማቅረብ ይሻል እንደሆነ ጠበቃው ሰነዶቹን አይቶ ይወስን፤ እኔ ያየሁት አንድ ዝርዝር ብቻ ነው፣ ያውም የተቀየረውን።