አፕ ለምትሠሩ የጎጃም ልጆች፦ ተመልሶ የመጣውን ሰው እንዴት ትቆጥራላችሁ?

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም አፕ ሠርታችሁ «እስቲ እይልን» የምትሉኝ እየበዛችሁ ነው። ደስ ይለኛል። ከአፑ ጋር የምትነግሩኝ ቁጥር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ሰው አወረደው፣ ይህን ያህል ሰው ከፈተው። እኔ የምፈልገው የመጣው ሰው ጉዳዩ ደርሶለት እንደሆነና በሚቀጥለው ጊዜ ሲቸግረው ተመልሶ መምጣቱን ነው። ይህ እንዴት እንደሚለካ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ስለሆነ ትንሽ ዝርዝር ውስጥ ብገባ ታገሡኝ።

ምሳሌው የእህል ዋጋ የሚያሳይ አፕ ይሁን። የቡሬን፣ የፍኖተ ሰላምን፣ የመራዊንና የደጀንን የጤፍና የበቆሎ ዋጋ ያሳያል እንበል። የሚጠቀሙበት ገበሬዎችና አነስተኛ የእህል ነጋዴዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የተጠቃሚ ቁጥሮች ለማስረዳት ብዬ እኔው ያበጀኋቸው ናቸው።

መጀመሪያ የሚመዘገበውን ኢቨንት እንምረጥ። ፋየርቤዝ ያስገባ ሰው `first_open` እና `session_start` ያለ ምንም ድካም ይመዘገቡለታል። ብዙዎቻችሁ የምትቆሙት እዚህ ላይ ነው። እነዚህ የሚነግሯችሁ ግን አፑ መከፈቱን ብቻ ነው። `first_open` ደግሞ ሰውዬው አፑን አጥፍቶ እንደገና ሲጭነውም ይመዘገባል። ስልኩ ሞልቶበት አፕ እየሰረዘ መልሶ የሚጭን ሰው እኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ እሱን እንደ አዲስ ሰው ስትቆጥሩት ትከርማላችሁ።

ስለዚህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ገበሬው ለምን መጣ? ነገ ወደሚሄድበት ገበያ ይዞት የሚወጣው እህል ስንት እያወጣ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጉዳዩ ደረሰለት የሚባለው የራሱን እህል፣ በራሱ ገበያ፣ ትኩስ ዋጋውን ሲያይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስክሪን አየ እንጂ ዋጋ አላየም። ዋጋው የ12 ቀን ከሆነ በመካከል አንድ ገበያ አልፎታል፣ አይረባውም። ገበያው በየ7 ቀኑ ስለሆነ እኔ ትኩስ የምለው 7 ቀን ያልሞላውን ነው። ኢቨንቱ ይህን ሁሉ ይዞ መምጣት አለበት፦

```json
{
  "event": "price_viewed",
  "crop": "teff_white",
  "market": "bure",
  "price_age_days": 1,
  "happened_at": "2025-01-11T07:40:00+03:00"
}
```

ስምና ስልክ ቁጥር እዚህ ውስጥ እንዳታስገቡ። የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ብቻ አያይዙ።

ከዚህ ጎን `price_missing` የሚል ሌላ ኢቨንት ጨምሩ። ሰውዬው ፈልጎ ያጣ እንደሆነ፣ ወይም ያገኘው ዋጋ ያረጀ እንደሆነ ይመዝገብ። ይህን የሚያስገባ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። መራዊ ላይ `price_missing` ድንገት ከበዛ ችግሩ ዲዛይናችሁ ላይ አይደለም። ዋጋ የሚልክላችሁ ልጅ በዚያ ሳምንት ሳይልክ ቀርቷል ማለት ነው። ምዝገባውንና ገዢ ጋር መደወሉን ጨምራችሁ በአራት በአምስት ኢቨንት ጀምሩ። እያንዳንዱን ቁልፍ የሚመዘግብ ሰው ከሦስት ወር በኋላ `btn2_click` ምን እንደነበር ራሱም አያስታውስም።

አሁን ወደ ሪቴንሽን እንሂድ፣ ማለትም ሰው ተመልሶ ወደመምጣቱ። ብዙው ዳሽቦርድ የሚያሳያችሁ 1ኛ ቀን፣ 7ኛ ቀንና 30ኛ ቀን ነው፤ አፑ የተጫነበት ቀን ዜሮ ተብሎ። ይህ በየቀኑ ለሚከፈት ነገር ይሆናል። የእኛ ሰውዬ ግን ገበያ የሚወጣው በሳምንት አንዴ ነው። ገበያው ቅዳሜ ሆኖ አፑን ቅዳሜ ቢጭን፣ 1ኛው ቀን እሑድ ነው፤ እሑድ የእህል ዋጋ ምን ያደርግለታል? 7ኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ይውላል፣ እሱ ደህና። 30ኛው ቀን ግን ሰኞ ነው! ያ ዜሮ ቢሆን ሰው ትቶን ሄደ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ፤ እሱ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ቅዳሜ አይቶ ወደ ሥራው ሄዷል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ከጀመረበት ቀን ተነስታችሁ ሰባት ሰባት ቀን ቁረጡ። የትኛውም ሰባት ቀን ውስጥ አንድ የገበያ ቀን አለ። በዚያ ሳምንት ቢያንስ አንዴ ትኩስ ዋጋ ካየ፣ መጥቷል። ዋጋ ሳያይ ኖቲፊኬሽን ነክቶ የወጣ አልመጣም።

ቀኑን ስትቆርጡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው የሰዓት አቀማመጥ ነው። የመረጃ መሣሪያችሁ በሎስ አንጀለስ ሰዓት ተቀምጦ ከቀረ፣ ቀኑ የሚቀየረው እንደ ወቅቱ በእኛ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። ልክ ገበያው ሲደራ ማለት ነው። የአንድ ቅዳሜ ገበያ ለሁለት ይከፈልባችኋል። ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። ገበሬው ቀደም ብሎ የወረደለትን ዋጋ ሐሙስ ማታ ሰፈሩ ያየዋል፤ ኢቨንቱ ግን ስልኩ ውስጥ ይቆይና ቅዳሜ ከተማ ሲደርስ ይላካል። በደረሰበት ሰዓት ከቆጠራችሁ ሁሉም ሰው ቅዳሜ የሚያይ ይመስላችኋል። የሆነበትንም የደረሰበትንም ሰዓት ያዙ። የስልኩ ሰዓት የተዛባ እንደሆነ የምታውቁትም ሁለቱን ስታስተያዩ ነው።

ቀጥሎ ሰዎቹን በገቡበት ጊዜ ለዩ፤ ዩኒቨርሲቲ «የእኛ ባች» እንደምትሉት። የመጀመሪያው ባች በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሰው ከሰው ሰምቶ ያወረደው 200 ሰው ነው እንበል። ከእነዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ትኩስ ዋጋ ያየው 120 ነው። የቀሩት 80ዎቹ ሌላ በሽታ ናቸው። ወይ የማረጋገጫ ኮዱ አልደረሳቸውም፣ ወይ የእነሱ ገበያ አፑ ውስጥ የለም። እነሱን ለብቻ መርምሩ፣ ከዚህ ሒሳብ ጋር አትቀላቅሏቸው። 120ዎቹን በየሳምንቱ ስንከተላቸው 66፣ 48፣ 42፣ 40፣ 41፣ 40 ሆኑ።

ሁለተኛው ባች አንድ ስልጠና ላይ አዳራሽ ውስጥ «ሁላችሁም አውርዱ» ተብሎ የጫነው 300 ሰው ነው። 210ሩ እዚያው ዋጋ አየ። ከዚያ በኋላ 50፣ 21፣ 10፣ 6።

ዳሽቦርዱ 500 ዳውንሎድ ይላል። በስልጠናው ሳምንት ግራፉ ሽቅብ ይወጣል፣ ቡድኑም ይጨበጭባል። መታየት ያለበት ግን የመስመሩ ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ባች ወደ ዜሮ እየሄደ ነው፤ ያንን ስልጠና አሥር ጊዜ ብትደግሙት አሥር ጊዜ ይፈሳል። የመጀመሪያው ባች ወርዶ ወርዶ 40 ላይ ቆመ። ከ120 ሲሶው ማለት ነው። ሲሶ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ እያላችሁ ከውጭ አፖች ጋር አታነጻጽሩ፤ የእነሱ ሰው በየቀኑ ይገባል፣ የእናንተ ሰው በየገበያው። ዋናው መስመሩ መቆሙ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ነገር ከሳምንታዊ ኑሮው ጋር አስማምቶታል።

እነማን ናቸው? እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። ሲመዘገቡ ገበሬ ነህ ነጋዴ ብላችሁ ጠይቃችኋል እንበል። ከ120ዎቹ ነጋዴው 36፣ ገበሬው 84 ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ከነጋዴዎቹ 31 አሉ፤ ከገበሬዎቹ 9። ያ «ሲሶ» ያልነው ቁጥር በእውነት የለም። አፑ ለነጋዴው እጅግ ይሠራል፣ ለገበሬው ገና ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ደምራችሁ አማካዩን ለማሻሻል ብትሯሯጡ ለማን እንደምትሠሩ ሳታውቁ ትለፋላችሁ። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑንም አትርሱ። ከ9ኙ ገበሬዎች አንዱ ለቅሶ ቤት ቢውልና ሳያይ ቢቀር ሪቴንሽናችሁ በአንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ያለ ልዩነት ምንም ማለት አይደለም።

ደግሞ ገበሬውን በነጋዴው ሚዛን መመዘን ግፍ ይሆናል። ነጋዴው በየሳምንቱ ይገዛል። ገበሬው ጤፉን ከወቃ በኋላ ለዕዳው የሚሆነውን ያወጣል፣ የቀረውን ዋጋው እስኪወጣ ጎተራ ያቆየዋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የእሱ መለኪያ «በየሳምንቱ መጣ ወይ?» ሳይሆን «ከመሸጡ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት አየ ወይ?» ነው። አፑ መሸጡን አያውቅም። «ሸጥኩ» የሚል ቁልፍ ብታስቀምጡም የሚነካው ጥቂት ሰው ነው። ልጁ ስልክ ላይ አይቶ ለአባቱ የሚነግርበት ቤትም አለ፤ ይህንንም ኢቨንት አይዝላችሁም።

እንግዲህ ስልክ አንሱ። ከጠፉት 75 ገበሬዎች ሃያውን በዕጣ ምረጡና ገበያ ባልሆነ ቀን አመሻሽ ላይ ደውሉ። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ እህል ሸጠዋል?» በሉ። አልሸጥኩም ካሉ ሰውዬው አልጠፉም፣ ገና ተራቸው አልደረሰም። ሸጫለሁ ካሉ «ዋጋውን ከማን ሰሙ?» በሉ። «ከጎረቤት» ወይም «ደላላው ነገረኝ» ካሉ፣ አፑን ለምን እንዳልከፈቱት ዝም ብላችሁ አድምጡ። «አንተ አፕ ላይ ያየሁትና ገበያ ላይ የሰጡኝ አልገጠመም» ካሉ ግን ጆሯችሁን አቁሙ። ምናልባት ዋጋ የሚልከው ልጅ የማኛውን ዋጋ «ነጭ ጤፍ» ብሎ እየላከ ይሆናል። ሰውዬው ተራ ነጭ ወይም ሰርገኛ ጭነው ሄደው አፍረው ተመልሰዋል። `price_viewed` በትክክል ተመዝግቧል፣ ዋጋውም የትናንት ነው፤ የታየው ግን የእሳቸው እህል አልነበረም።

እንዲህ ከሆነ `crop` የሚለውን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ብላችሁ ለዩት። ውጤቱን ደግሞ በሐምሌ ከሚገባ ባች ጋር አታስተያዩ፤ ያኔ አብዛኛው ገበሬ የሚሸጠው የለውም፣ እርሻ ላይ ነው። የሚቀጥለውን ታኅሣሥ ጠብቃችሁ፣ ያን ጊዜ የሚገቡትን ገበሬዎች ብቻ ነጥላችሁ፣ በዚያው በሰባት ቀን አቆራረጥ ከዘንድሮዎቹ 84 ጎን አስቀምጧቸው። ለነሱም ሃያ ስልክ ደውሉ።