ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጠኝ ከሂሳቤ ተቀነሰ፤ መቼ ይመለሳል?

«ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ በሌላ ባንክ ኤቲኤም 4,000 ብር ላወጣ ሞከርኩ። ማሽኑ ብር ሲቆጥር ይሰማኛል፤ ከዚያ ዝም አለ። አገልግሎቱ እንደተቋረጠ ጽፎ ካርዴን መለሰልኝ፣ ብር ግን የለም። ስልኬ ላይ 4,000 ብር መቀነሱን የሚገልጽ መልእክት ገባ። ደውዬ ስጠይቅ ‹በራሱ ይመለሳል› አሉኝ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ አልተመለሰም። እስከ መቼ ልጠብቅ?»

ከዚህ በላይ አይጠብቁ። ዛሬውኑ ካርዱን ወደሰጠዎት ባንክ ሄደው ቅሬታ ያስመዝግቡ። እንዲህ የምልዎት በሁለት ምክንያት ነው፦ ቅዳሜ የሆነ ነገር እስከ ሰኞ አልተመለሰም፤ ማሽኑም መቁጠር ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው ነገር ከሚያስቡት በላይ ይናገራል።

ኤቲኤም ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሂሳብ ነው። ብሩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ከማሽኑ ተነስቶ ወደ ማሽኑ ባለቤት ባንክ፣ ከዚያ ባንኮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል ወደ እርስዎ ባንክ ይሄዳል። የእርስዎ ባንክ ሂሳቡን አይቶ «ይሰጠው» የሚል መልስ ሲልክ 4,000 ብሩን እዚያው ይቀንሳል። ስልክዎ ላይ የገባው መልእክት የዚያ ፈቃድ መልእክት ነው። ብሩ ከማሽኑ መውጣቱን አያውቅም። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ያንኑ ብር አንዱ በካርድ፣ ሌላው በስልክ በአንድ ጊዜ ሊያወጡት ይችሉ ነበር።

ብሩ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ሌላ መልእክት ያስፈልጋል። በእኛ ሥራ ሪቨርሳል እንለዋለን፤ በስዊች ሰነዶች ላይ ብዙ ጊዜ 0420 የሚል ቁጥር ይዞ ይታያል። ይዘቱ አጭር ነው፦ «ያ ክፍያ አልተፈጸመም፣ የቀነስከውን መልስ።» ይህን የሚልከው ማሽኑ ያለበት ወገን ነው። የእርስዎ ባንክ ይህ መልእክት ካልደረሰው ክፍያው በሰላም አለቀ ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ «24 ሰዓት ጠብቁ» ሲሉዎት ባንኩ ውስጥ 24 ሰዓት ቆጥሮ ብር የሚመልስ ነገር አለ ማለት አይደለም። መልእክቱ የሚመጣ ከሆነ እስከዚያ ይደርሳል ለማለት ነው።

መቼ ይመጣል? ማሽኑ ብሩ እንዳልወጣ እርግጠኛ ከሆነና ኔትወርኩ ከሠራ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ብዙ ሰው ገና በሩ ላይ ቆሞ ሲናደድ ብሩ ተመልሷል። ኔትወርኩ ከተቆረጠ ሪቨርሳሉ ወረፋ ይዞ ይቀመጥና መስመሩ ሲመለስ ይላካል። ይህ ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይወስዳል። ቅዳሜ ማታ የጠፋ መስመር እሁድ የሚጠግነው ካላገኘ ደግሞ ይዘገያል።

ሦስተኛው ሁኔታ ግን በራሱ አይፈታም፤ የእርስዎም ይህኛው ይመስለኛል። 4,000 ብር በ200 ብር ኖት ከተከፈለ 20 ኖት ነው። ማሽኑ ብር ከሚሞላበት ሳጥን፣ ከካሴቱ፣ አንድ በአንድ እየሳበ ሁለት ኖት ተጣብቆ እንዳይወጣ ይመረምራል። የተጠራጠረውን ወደ ውድቅ ሳጥኑ ይጥላል፣ ደህናውን ደርድሮ ወደ አፉ ይገፋል። ችግሩ ካሴቱ ጋ ከተፈጠረ ማሽኑ ምንም እንዳልወጣ ያውቃልና ሪቨርሳል ይልካል። ኖቶቹ አፉ አጠገብ ከተቀረቀሩ ግን 20ውም ይሁን 12ቱ በሰው እጅ መግባታቸውን መናገር አይችልም። እንዲህ ባለ ጥርጣሬ ብዙ ባንኮች ሪቨርሳሉ እንዳይላክ ያደርጋሉ። አለበለዚያ ኖቶቹን ጎትቶ የወሰደ ሰው ብሩንም ሂሳቡንም ያገኛል። የሚያናድድ ነው፣ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ሥራው የሰው ነው። የማሽኑ ባለቤት ባንክ ሠራተኞች ማሽኑን ከፍተው ካሴቱንና ውድቅ ሳጥኑን ይቆጥራሉ፤ ማሽኑ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከሚመዘግብበት ጆርናል ጋር ያመሳክራሉ። ለምሳሌ 200,000 ብር ተሞልቶ ጆርናሉ 150,000 ብር ወጥቷል ካለ 50,000 ብር መቅረት አለበት። 54,000 ብር ከተገኘ 4,000ው ትርፍ ነው፤ በቅዳሜው ሰዓት ያንኑ መጠን ጠይቆ መሃል ላይ የተቋረጠ መስመር ካለ ጉዳዩ ተፈታ። ትርፉ ተጠያቂ እስኪገኝለት በጊዜያዊ ሂሳብ ሊቆይ ይችላል። ያንን ትርፍ ከእርስዎ ስም ጋር የሚያገናኘው ቅሬታዎ ነው። የቀኑም ርዝመት የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ማሽኑ ብር ሲሞላ ነው። ሰው የሚበዛበት ማሽን ቶሎ ይሞላል፤ ጭር ያለ ቦታ ያለው ቀናት ሊቆይ ይችላል። የሁለት ባንክ ምልልስ ሲጨመርበት ሳምንት ቢያልፍ አይግረምዎት። በራስዎ ባንክ ማሽን ላይ ቢሆን ኖሮ ምልልሱ ይቀንስ ነበር።

ቅሬታውን የሚያስገቡት ለማሽኑ ባለቤት ሳይሆን ለራስዎ ባንክ ነው። ደረሰኝ ካለዎት በላዩ ያለውን የማሽኑን መለያና የማጣቀሻ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ከሌለዎት ማሽኑ ያለበትን ቦታና የደረሰዎትን የስልክ መልእክት ያሳዩ። ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። እርስዎ «ማታ 1 ሰዓት» ያሉትን ማሽኑ 19:00 ብሎ ነው የሚመዘግበው። ፎርሙ ላይ 1፡00 ብቻ ጽፈው ከሄዱ የሚመረምረው ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያለውን መዝገብ ያገላብጥና «እንዲህ ያለ ክፍያ የለም» ይላል። ቀኑም በጆርናሉ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፎርሙን ካስገቡ በኋላ የቅሬታ ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ።

ስቴትመንትዎንም እንይ። አንዳንዴ ሪቨርሳል ሲገባ የስልክ መልእክት አይመጣም፤ ሰው ተመልሶለት ሳለ ይጨነቃል። በሌላ ባንክ ማሽን ስለተጠቀሙ የአገልግሎት ክፍያም ተቀንሶ ከሆነ እሱም መመለሱን ይዩ፤ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ ስለሚቀመጥ ይረሳል። 4,000ው ሁለት ጊዜ ከገባልዎ ደግሞ አያጥፉት። አንዱ በሪቨርሳል፣ ሌላው በቅሬታው የመጣ ይሆናል፤ ሂሳቡ ሲመሳከር ባንኩ አንዱን መልሶ ይወስደዋል።

በዚህ መሃል «ብርዎን እንመልስልዎ» ብሎ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር ወይም በስልክ የመጣልዎትን ኮድ የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ይዝጉ። ለሪቨርሳል ሁለቱም አያስፈልጉም።

ምናልባት ባንኩ «ማሽኑ ብሩን ሰጥቷል» ብሎ ቢመልስልዎ እዚያ አይቁሙ። የዚያን ሰዓት የጆርናል ቅጂ፣ የቆጠራውን ውጤትና የካሜራውን ምስል እንዲያዩልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካሜራውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ምስሉ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ ስለሚጠፋ ከጆርናሉ ቀድሞ ያመልጣል። ማሽኑ «ሰጥቻለሁ» ብሎ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ፦ ሌቦች አፉ ላይ ስስ መሸፈኛ ለጥፈው ኖቶቹን ከውስጥ ይይዙና እርስዎ ሲሄዱ መጥተው ይነቅሉታል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ብር ካልወጣ ወዲያው አይሂዱ። የመጀመሪያው ገጽ ተመልሶ እስኪታይ ይቁሙ፣ የብር መውጫውን በጣትዎ ነካ ያድርጉት። የሚላቀቅ ነገር ካለ እዚያው ቆመው ለጥበቃው ይንገሩ።