የበሽታው ስም ደብዳቤው ላይ አይግባ

«በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በድብርት ሕመም አምስት ወር ከሥራ ርቄያለሁ፤ ሐኪሜ አሁን ተመለሺ፣ ግን ቀስ በቀስ ይሁን ብሎኛል። እናቴ ታይፎይድ ነበር በያቸው ትላለች። ባለቤቴ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ኖረናልና ሙሉ ቀን ጀምሪ ይለኛል። የመመለሻ ደብዳቤዬን እንዴት ልጻፍ?»

እህቴ፣ ሰው ሀብት ክፍል ከመግባቴ በፊት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ደብዳቤሽን ገቢ የሚያደርገው ሰው ይከፍተዋል፤ ጸሐፊዋ ታነበዋለች፤ ፋይል አመላላሹም ያየዋል። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ገቢ ያደረግሁት የሕክምና ወረቀት ከምሳ በኋላ ሻይ ክበብ ውስጥ ሲወራበት ሰምቻለሁ።

ስለዚህ የበሽታው ስም ደብዳቤው ላይ አይግባ። ሐኪምሽንም ምርመራውን ሳይጠቅስ የምትችዪውን ብቻ የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቂው፦ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራ መጀመር ትችላለች፤ ለአራት ሳምንታት ሰዓቷ ይቀነስ፤ ለሁለት ወር የትርፍ ሰዓት ሥራ አትሥራ»። ቀድሞ ያስገባሽው የሕመም ወረቀት ምርመራውን የሚጠቅስ ከሆነ፣ ከግል ማኅደርሽ ተነጥሎ በታሸገ ፖስታ እንዲቀመጥና ኃላፊው ብቻ እንዲያየው በጽሑፍ ጠይቂ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ከልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል። የእናትሽ ታይፎይድ ግን ይቅር፤ ፋይልሽ ውስጥ ካለው ወረቀት ጋር ሲጋጭ ሚስጥር የጠበቀችው ሠራተኛ ውሸታም ትባላለች።

«አልችልም» የሚለውንም ቃል ተጠንቀቂው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጤና ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። የአንቺ ችግር ጊዜያዊ ነውና ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚያበቃበትን ቀን ጻፊለት።

አዋጁ በቀስታ ስለመመለስ የደነገገው ስለሌለ ሰዓቱ በስምምነት የሚገኝ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት፣ በ3ኛውና በ4ኛው በቀን ስድስት ሰዓት፣ ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ በሙሉ ሰዓት እሠራለሁ። ለሁለት ወር የወር መዝጊያው ሥራ በመደበኛ ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ይመደብልኝ። ሌሎች የቅጥር ሁኔታዎቼ አይለወጡም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሺ። እሷ ከሌለች የተቀነሰው ሰዓትና ደመወዝ በዚያው ጸንቶ ሊቀር ይችላል።

ለባለቤትሽ ሒሳቡን አሳዪው። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ደመወዝሽ በሰዓት ተሰልቶ ቢከፈልሽ እንኳ በመጀመሪያው ወር ከመደበኛው 62 በመቶ ያህል ታገኛለሽ፤ ዛሬ የምታገኚው ምንም የለም። በአንድ ሳምንት ደክመሽ እንደገና ፈቃድ ብትወጪ ግን በዓመቱ ውስጥ የሚቀርሽ አንድ ያልተከፈለ ወር ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ለመዝገብ ቤት ስጪ፤ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርገሽ ያዢ። የሐኪሙን ማስረጃ ግን «ሚስጥር» በተባለ የታሸገ ፖስታ ራስሽ ለሰው ሀብት ኃላፊው በእጁ አስረክቢ።