«እንደ ጓደኛ ሆነህ ጻፍልኝ» ሲሉት ኤአይ ምኑን ይቀይራል፣ ምኑን ይተዋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ላኩ ባልኩት መሠረት ብዙ መጥቷል። ተመሳሳዩን አዋህጄ፣ አንዳንዱን ትንሽ አሳጥሬ ልመልስ። ሐሳብ ያላችሁም መሀል ግቡ።

መምህርት፦ ተማሪዎቼ ቻትጂፒቲን «ቀለል አድርገህ ጻፍልኝ» ካሉት የኤአይን ጽሑፍ የሚለየው ዲቴክተር አይዘውም ይባላል። እውነት ነው?

አንዳንዴ አዎ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ዲቴክተሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ጂፒቲዜሮ ያሉት በ2023 መጀመሪያ ብቅ ሲሉ በዋናነት ሁለት ነገር ያዩ ነበር። አንደኛው እያንዳንዱ ቃል እንደ ቻትጂፒቲ ላለ ሌላ የቋንቋ ሞዴል ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ይህ ያልተጠበቀነት ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል ነው። ሞዴል ዝም ብለው ሲያስጽፉት የሚጠበቀውን ቃል እያስከተለ ስለሚሄድ ልኬቱ ዝቅ ይላል፣ ዲቴክተሩም ይነቃል።

አሁን «እንደ ሰፈር ልጅ ጻፍ» ሲሉት ሞዴሉ አራዳ ቃል ያስገባል፣ ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል፣ «ኧረ» ይላል። ለሞዴሉ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ታዟላ! ዲቴክተሩ ግን ትዕዛዙን አላየም። እጁ ላይ ያለው የወጣው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያ አራዳ ቃል ለእሱ ዱብ ዕዳ ነው፣ እና «ይሄማ ሰው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሳሚ፦ ስለዚህ ነገሩ የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አጭርና ረጅም ቀላቅል ካልኩት አለቀ ማለት ነው፣ አይደል?

ግማሹን ይዘኸዋል። ርዝመቱ ይለያያል፣ አለያየቱ ግን ራሱ ሥርዓት ይይዛል። ሁለት ረጅም፣ ከዚያ አንዲት አጭር። ሁለት ረጅም፣ አንዲት አጭር። አንቀጹ ሁሉ በዚያች አጭር ይዘጋል። ሰው ሲጽፍ እንዲህ በምት አይሄድም፤ አንዱ አንቀጽ ሊረዝምበት፣ ሌላው በሁለት ቃል ሊያልቅ ይችላል።

ደግሞም ርዝመት ሰዋስውን አይነካም። በ2025 በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ ጥናት የሰው ጽሑፍ ወስዶ ሞዴሎችን ቀጥሉበት አላቸውና አነጻጸረ። መመሪያ እንዲከተሉ የሠለጠኑት ሞዴሎች በእንግሊዝኛ የተወሰነ ዓይነት ተቀጥላ ሐረግ ከሰው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ አብዝተው ይጠቀማሉ። ያንን ሥልጠና ያልወሰዱት ጥሬ ሞዴሎች ግን ለሰው የቀረቡ ነበሩ። ስለዚህ ልማዱ የሚመጣው ሞዴሉን ታዛዥና ትሑት ከሚያደርገው ሥልጠና ነው። «ቀለል በል» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ በዚያው ሥልጠና ላይ የሚደረብ ነው እንጂ አያጠፋውም። በአማርኛም ጭራው አለ፦ «ይህም … ያስችላል»፣ «ይህም … ያደርገዋል»። «ወዳጄ» ብሎ ጀምሮ በአምስተኛው መስመር «ይህም ጊዜዎን ለመቆጠብ ያስችላል» ሲል ታገኘዋለህ። አንተ ሲል የቆየው ሰውዬ በድንገት እርስዎ ሆነ።

ባለፔጁ፦ የስልክ ጥገና ፔጅ አለኝ። «እንደ መርካቶ ስልክ ጠጋኝ ሆነህ ጻፍ» እለዋለሁ። ተከታዮቼ ግን ኮሜንት ላይ «ይሄ ኤአይ ነው» ይሉኛል። ምኑ ነው የሚያሳብቅብኝ?

ይቺን ጥያቄ ወድጃታለሁ፣ ትንሽ ልቆይባት።

«ባትሪ ለምን ቶሎ ያልቃል» የሚል ጽሑፍ በሦስት መልክ አዘዝክ እንበል። በተራ መልኩ እንዲህ ዓይነት ነገር ይመጣልሃል፦ «የስልክ ባትሪ ቶሎ የሚያልቅባቸው በርካታ ምክንያቶች አሉ። በመጀመሪያ፣ የስክሪን ብርሃን ከፍተኛ መሆን…»። እንደ ጓደኛ ስትለው፦ «ስማ ወዳጄ፣ ባትሪህ ቶሎ እያለቀ ተቸገርክ? አታስብ! እስቲ እንየው። የስክሪን ብርሃንህን…»። እንደ ጠጋኝ ስትለው፦ «ልጄ፣ እኔ መርካቶ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የስክሪን ብርሃን…»።

ቃላቱ ተለውጠዋል። አሁን ሰላምታውን፣ «ልጄ»ውን፣ «ወዳጄ»ውን ሰርዝና የቀረውን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ስክሪን፣ ከጀርባ የሚሠሩ አፖች፣ ኔትወርክ ፍለጋ፣ ያረጀ ባትሪ። በሦስቱም ተመሳሳይ ነጥቦች፣ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ቅደም ተከተል። ለእያንዳንዱ ነጥብ እኩል ቦታ። መጨረሻ ላይ ምክር። ትዕዛዝህ ልብሱን ቀየረ፣ አጥንቱ ያው ነው። ተከታዮችህ ዲቴክተር የላቸውም፣ የሚያውቁት ግን ያንን አጥንት ነው።

እውነተኛ ጠጋኝ ግን ነጥቦቹን እኩል አያካፍልም። መጀመሪያ «ቻርጀሩን አምጣው» ሊልህ ይችላል፣ እና ጽሑፉ ግማሽ ድረስ ስለ ቻርጀርና ስለ ገመዱ ይሆናል። ያበጠ ባትሪ የስልኩን የኋላ ክዳን እንዴት እንደሚገፋው፣ ያንን በጥፍር መጫን ለምን አደጋ እንደሆነ ይነግርሃል። የስክሪን ብርሃን የሚለውን ምናልባት ጭራሽ አያነሳውም፤ ደንበኛው ያንን ራሱ ያውቃላ!

ሌላው ገጸ ባሕርዩን ማጋነን ነው። ሰው ሥራውን ደጋግሞ አይናገርም። ሞዴል ግን ጠጋኝ ሁን ካልከው በየአንቀጹ ጠጋኝ መሆኑን ያስታውስሃል። የጎጃም አዛውንት ሁን ካልከው ተረትና ምሳሌ ያዘንብብሃል፣ ቡና ሻጭ ካልከው ጀበና ከአፉ አይወርድም። እኔ ገጸ ባሕርይ የተሰጠው ጽሑፍ ከተራው ይልቅ ለሰው ዓይን ቶሎ ይጋለጣል ባይ ነኝ፣ ማሽኑን ቢያሳስትም እንኳ።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ «ማሽኑን ያሳስታል» የሚለው ድሮ ቀረ። ካፒባራዋን ረሳሃት?

አልረሳኋትም፣ አመሰግናለሁ። ላልሰማችሁ፣ በ2024 ባይኖኩላርስ የሚባል ዘዴ ያቀረቡ ተመራማሪዎች ይህንኑ ችግር በካፒባራ ነው ያስረዱት። ካፒባራ ትልቅ የአይጥ ዘመድ እንስሳ ናት። ሞዴሉን «የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስለሆነች ካፒባራ ጻፍ» ብትለው የሚወጣው እንግዳ ነገር ነው። ትዕዛዙን ያላየ ዲቴክተር በየቃሉ ይደነግጣል፣ ስለዚህ ሰው ነው ይላል። የእነሱ መፍትሔ ሁለት ተቀራራቢ ሞዴል መጠቀም ነው። አንዱ ጽሑፉ ምን ያህል እንዳስደነገጠው ይለካል። ከዚያ ያ ቁጥር የሁለተኛው ሞዴል ግምት ራሱ አንደኛውን ምን ያህል እንደሚያስደነግጠው ለሚያሳየው ቁጥር ይካፈላል። ርዕሱ ራሱ እንግዳ ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ስለሚሉ የካፒባራዋ እንግዳነት ይጣፋል።

ያው አባል፦ እና ለሰፈር ቋንቋም ይሠራል ማለት ነው፤ ለምን ያሳስታል ትላለህ?

እዚህ ላይ አንስማማም። እንግዳ ርዕስና እንግዳ አነጋገር አንድ አይደሉም። ርዕሱ አንዴ ከተነሳ በኋላ «ካፒባራ» የሚለው ቃል ተመልሶ ሲመጣ አያስደንቅም። አነጋገር ግን በየቃሉ ይገባል። ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሆነ አንተ ልትረታኝ ትችላለህ፤ ለሁለት አንቀጽ የፌስቡክ ፖስት ግን በየትኛውም ዘዴ አልምልም።

ከአሜሪካ፣ ተማሪ፦ የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። በራሴ እጅ የጻፍኩትን ዲቴክተር «ኤአይ» ብሎት ፕሮፌሰሬ ጠርተውኛል። ኤአይ ሳልነካ እንዴት?

ከርዕሳችን ጋር አንድ ሥር ነው ያለው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች በሰባት ዲቴክተሮች አሳለፉ። በአማካይ ከግማሽ በላዩ በሐሰት «ኤአይ» ተባለ። አጭር ቃል፣ የታወቀ አገባብ፣ ጥንቃቄ፤ ይሄ ሁሉ ለዲቴክተሩ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሚያስቀው (ወይ የሚያሳዝነው) ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚያን ድርሰቶች ቻትጂፒቲ «እንደ አፍ መፍቻ ተናጋሪ ቃላታቸውን አበልጽግ» ተብሎ ሲነካካቸው በሐሰት መከሰሱ በእጅጉ ቀነሰ። ኤአይ የነካው ነጻ ወጣ፣ ያልነካው ተከሰሰ።

ስለዚህ ለፕሮፌሰርህ ስለ ቁጥሩ አትከራከር። በጉግል ዶክስ ከጻፍከው የለውጥ ታሪኩን ክፈትላቸው፣ ረቂቅህንና ማስታወሻህን አሳይ። ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 ያወጣውን የኤአይ ጽሑፍ መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እንዳነሳውም ጥቀስላቸው።

ቤቲ፦ ገጸ ባሕርይ ስትሉ ድምፁን ነው? የሴት ድምፅ እንዲያወራልኝ የት ነው የምቀይረው?

የለም ቤቲ፣ እዚህ የምናወራው ስለ ጽሑፍ ነው። ድምፁ የአፑ ሴቲንግ ውስጥ አለ።

ናቲ፦ ኤአይ በጽሑፉ ውስጥ ይተወዋል የሚባለው የማይታይ ምልክትስ? እሱም አነጋገር ሲቀየር ይጠፋል?

አነጋገር ስለተቀየረ አይጠፋም። የጉግል ሲንትአይዲ ዓይነቱ ምልክት የሚገባው ሞዴሉ ቃል ሲመርጥ ምርጫውን በድብቅ በማዘንበል ነው። ሰፈርኛም ጻፈ መጽሐፍኛ፣ ምርጫ እስካለ ድረስ ምልክቱ አለ። የሚያዳክመው ጽሑፉን በሌላ ሞዴል ወይም በእጅ እንደገና መጻፍ ነው። ደግሞ ምልክቱን ማንበብ የሚችለው ቁልፉ ያለው ብቻ ነው።

መምህርት፦ እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው። ታዲያ ለአማርኛ የትኛውን ዲቴክተር ልመን?

የትኛውንም አልመክርዎትም። በአብዛኛው የተሠሩትና የተፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ሞዴሎች የአማርኛን ቃል ቆራርጠው ነው የሚያዩት፣ አንዳንዴ አንዷን ፊደል እንኳ ለሦስት ቁራጭ ይከፍሏታል። ከሦስቱ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ለሁሉም ፊደል፣ ከሀ እስከ ፐ፣ አንድ ዓይነት ናት፤ ስለዚህ እሷን መገመት ምንም አያደክምም። እንዲህ ባለ ነገር የተሞላ ልኬት ስለ ጸሐፊው ብዙም አይነግርዎትም።

ይልቅ የክፍሉን ወረቀት በአንድ ላይ ያንብቡት። ሞዴልን «ዘና ብለህ ጻፍ» ሲሉት አንድ ጽሑፍ ለብቻው ሲታይ ሰው ይመስላል። ተመሳሳይ ትዕዛዝ የሰጡ ብዙ ተማሪዎች ሲሰበሰቡ ግን ዘና ማለታቸው ራሱ ይመሳሰላል፦ አንድ ዓይነት አከፋፈት፣ አንድ ዓይነት ቀልድ ቦታ፣ ተመሳሳይ ምሳሌ። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ በአንድ ገጽ ላይ ይገልብጡ፣ ከሥሩ የነጥቦቹን ቅደም ተከተል። የተጠራጠሩትን ልጅ ጠርተው «ሦስተኛውን ነጥብ ለምን አስገባህ?» ይበሉት። የጻፈ ልጅ ምክንያት አለው፣ የማይረባም ቢሆን። ከዚህ ያነሰ ማስረጃ ይዘው ግን ማርክ አይቀንሱ።